የቡና መቁያው፣ ስሙ እና መመሪያው፦ ፓተንት፣ የንግድ ምልክት እና የቅጂ መብት የሚለያዩበት

ጥያቄ፦ «ጅማ ውስጥ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። በእጅ የሚዞር የቡና መቁያ ሠርቼ ‹ቀረሮ› ብዬዋለሁ። እጀታው ወደ ቀኝ ሲዞር ቡናውን ያገላብጠዋል፣ ወደ ግራ ሲዞር ደግሞ ራሱ ያወጣዋል፤ ገለባውም ከሰል ላይ ሳይወድቅ በጎን ወዳለ ሳጥን ይገባል። መቆሚያውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አስመስዬዋለሁ። አርማውን አንድ ልጅ ሣለልኝ፣ የአጠቃቀም መመሪያውን እኔ ጻፍኩት፣ ከአራት ወር በፊት ቪዲዮውን ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩ። አሁን ሌላ ሰው አስመስሎ እየሠራ ይሸጣል። ለስሙም ለማሽኑም ፓተንት ማውጣት እፈልጋለሁ። አንድ ፓተንት ሁሉንም ይሸፍናል ወይ? ለስንት ዓመት?»

ምላሽ፦ አይሸፍንም። ለስም ደግሞ ፓተንት የሚባል ነገር የለም። በእጅዎ ያለው አንድ ዕቃ ቢሆንም ሕጉ የሚያየው እንደ ብዙ ነገር ነው፤ ማሽኑ ችግሩን የሚፈታበት መንገድ በፓተንት ሕግ፣ ገዢው ዕቃውን ከሌላው የሚለይበት ስም በንግድ ምልክት ሕግ፣ የተጻፈው መመሪያና የተሣለው አርማ በቅጂ መብት ሕግ ይዳኛሉ። ሦስቱ በተለያዩ አዋጆች የተደነገጉ ናቸው፤ የሚገኙበት መንገድም የሚቆዩበት ዘመንም ይለያያል። ከሦስቱ መካከል ሰዓት እየቆጠረ ያለው የማሽኑ ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለአንድ የፈጠራ ሥራ ፓተንት የሚሰጠው ሥራው አዲስ ሲሆን፣ የፈጠራ ብቃት ሲኖረው እና በኢንዱስትሪ ሊተገበር የሚችል ሲሆን ነው። የመጨረሻው በእርስዎ ጉዳይ አያከራክርም፤ ማሽኑ ተሠርቶ ቡና እየቆላ ነው። የመጀመሪያው ግን ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ጥብቅ ነው። አዲስነት የሚለካው በጅማ ወይም በኢትዮጵያ ገበያ ብቻ ሳይሆን በዓለም ላይ ለሕዝብ ይፋ በሆነው ሁሉ ነው። ብራዚል ውስጥ የወጣ አሮጌ የፓተንት ሰነድ ወይም በህንድ የታተመ ካታሎግ ተመሳሳዩን አሠራር ካሳየ፣ እርስዎ አይተውት የማያውቁ ቢሆንም አዲስነቱ ይቀራል።

ከሌላ ሰው ይልቅ የብዙ አመልካቾችን አዲስነት የሚያጠፉት ራሳቸው አመልካቾቹ ናቸው። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ቪዲዮ አሠራሩን ካሳየ ይፋ ማድረግ ነው፤ ባዛር ላይ ማሳየት እና መሸጥም እንዲሁ። እንደ ዕድል ሆኖ የእኛ አዋጅ ለአመልካቹ 12 ወር ይሰጠዋል፦ ራሱ አመልካቹ ባደረገው ነገር ወይም ሌላ ሰው መብቱን በመጣስ በፈጸመው ድርጊት ምክንያት ይፋ የሆነው ነገር፣ ማመልከቻው ከገባበት ቀን በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ የሆነ ከሆነ አይቆጠርበትም። ስለዚህ ቪዲዮው ከተለቀቀ አራት ወር ከሆነው የቀረዎት ስምንት ወር ነው። ይሁን እንጂ ከቪዲዮው በፊት የተሸጠ ወይም ለሕዝብ የታየ አንድ መቁያ ካለ ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው፤ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ፈልገው ቀኑን ያረጋግጡ። ይህ ዕፎይታ የአገራችን ሕግ የሚሰጠው መሆኑንም ልብ ይበሉ። በአውሮፓ የፓተንት ሕግ አመልካቹ ራሱ የለቀቀው ቪዲዮ ከማመልከቻው በአንድ ቀን የሚቀድም ቢሆን እንኳ በሩን ይዘጋል፤ ስለዚህ ለዚያ ገበያ ፓተንት የማግኘት ዕድልዎ ከአራት ወር በፊት ያለፈ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው መስፈርት እንለፍ፤ የእርስዎ ማመልከቻ የሚፈተነው በዋናነት እዚህ ላይ ነው። የፈጠራ ብቃት አለ የሚባለው በዘርፉ መደበኛ ዕውቀት ያለው ሰው ቀድሞ ከሚታወቀው ተነሥቶ በቀላሉ ሊደርስበት የማይችል ሲሆን ነው። እጀታው ወደ አንድ ወገን ሲዞር ማገላበጥ፣ ወደ ሌላው ሲዞር ማውጣት የሚለውን አሠራር መርማሪው የት እንዳየው ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኮንክሪት ማመላለሻ መኪና በርሜል በውስጡ ጠመዝማዛ ክንፍ አለው፤ በአንድ አቅጣጫ ሲዞር ያቦካል፣ አቅጣጫው ሲገለበጥ ኮንክሪቱን ገፍቶ ያወጣል። መርማሪው «አንድ የብረታ ብረት ባለሙያ ይህንን የታወቀ ዘዴ ወደ ቡና መቁያ ማምጣት ይከብደዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን አይከብደውም እል ነበር። ገለባው በበርሜሉ ቀዳዳዎች ወጥቶ ከከሰሉ ራቅ ወዳለ ሳጥን የሚገባበት መንገድ ግን የተለየ ነገር ሊኖረው ይችላል። ገለባ ከሰል ላይ ወድቆ ሲነድ የሚፈጥረው ጭስ ወደ ቡናው ጣዕም የሚገባ ችግር መሆኑ የታወቀ ነው፤ ያለ ኤሌክትሪክ ማራገቢያ፣ በእጀታው መዞር ብቻ ገለባውን ወደ ጎን መለየት የቻሉበት ዘዴ ካለ የፈጠራዎ እምብርት እሱ ነው። በማመልከቻው ላይ ጥበቃ የሚጠየቅበት ነጥብ መሆን ያለበትም ይኸው ነው። «በእጅ የሚዞር የቡና መቁያ» ብሎ በጅምላ የሚጠይቅ ማመልከቻ ውድቅ ለመሆን የተጻፈ ነው።

ከማመልከትዎ በፊት በጉግል ፓተንትስ ላይ «የቡና መቁያ»፣ «ገለባ መለያ»፣ «የሚዞር በርሜል» የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ አድርገው ይፈልጉ፤ ሥዕሎቹን ማየት ብቻ ብዙ ይነግራል። ገለባ መለያው ላይ ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰል ካላገኙ ፓተንት መጠየቅ ያዋጣል። ፓተንቱ ከተሰጠ የሚቆየው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ሲሆን፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሚገባ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ ለ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። በየዓመቱ የሚከፈል ክፍያ ስላለው ክፍያውን የዘነጋ ሰው ዘመኑ ሳይደርስ መብቱን ያጣል።

የሚመሳሰል ካገኙ ደግሞ ያው አዋጅ «አነስተኛ ፈጠራ» የሚለው ሌላ በር አለው፤ የሚሰጠውም ሰነድ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ይባላል። እዚህ ላይ የፈጠራ ብቃት አይጠየቅም፤ አዲስ መሆንና በኢንዱስትሪ መተግበር መቻል ይበቃል፤ አዲስነቱም ከፓተንቱ ይልቅ በአገር ውስጥ በሚታወቀው ላይ የተመሠረተ ነው። የታወቀ ዕቃ ቅርፁ፣ መጠኑ ወይም የተሠራበት ቁስ ብቻ ተለውጦ ከሆነ አነስተኛ ፈጠራም አይባልም፤ ለውጡ የዕቃውን ባሕርይ ወይም ተግባር ቀይሮ አጠቃቀሙን ያሻሻለ መሆን አለበት። የእርስዎ ገለባ መለያ ይህንን መስፈርት ያሟላል ብዬ አምናለሁ። ዘመኑ 5 ዓመት ነው፤ በአገር ውስጥ እየተሠራበት መሆኑ ሲረጋገጥ ለተጨማሪ 5 ዓመት ይታደሳል። በሥራዬ ካየሁት፣ ለወርክሾፕ ባለቤቶች ብዙ ጊዜ የሚበጀው ይህ አጭሩ መብት ነው። በእጅ የሚዞር መቁያ ከ10 ዓመት በኋላም ያንኑ ቅርፅ ይዞ ይሸጣል ብሎ ማሰብ ከባድ ነው፤ የፓተንቱን ከፍ ያለ ፈተና ለማለፍ መሞከር ግን ጊዜም ገንዘብም ይበላል። በዚህ በር ለመግባት ካሰቡ የ12 ወሩን ዕፎይታ ተማምነው አይዘግዩ፤ በዚህ ወር ያስገቡ።

ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ ከማሽኑ አሠራር የተለየ ጉዳይ ነው። የዕቃ መልክ፣ ማለትም ለዓይን የሚታየው መስመር፣ ቅርፅና ቀለም፣ በኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ይጠበቃል፤ ዘመኑ 5 ዓመት ሆኖ፣ ንድፉ በአገር ውስጥ ጥቅም ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ሁለት ጊዜ በየ5 ዓመቱ ሊራዘም ይችላል። የጅማ በርጩማ የማንም የግል ንብረት ስላልሆነ በርጩማውን አስመዝግበው አናጢዎቹን መከልከል አይችሉም። ሆኖም ያንን መልክ ከመቁያው አካል ጋር ያዋሐዱበት አጠቃላይ ገጽታ ከዚህ በፊት ያልታየ ከሆነ ሊመዘገብ ይችላል። እግሩ ሦስት የሆነው ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም እንዳይወላገድ ብቻ ከሆነ ግን ያ ተግባር እንጂ መልክ አይደለም፤ ተግባር ያስገደደው ቅርፅ በንድፍ አይጠበቅም።

ስሙን በሚመለከት መጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። በንግድ ፈቃድዎ ላይ የተመዘገበው የንግድ ስም ሲሆን፣ ይህ ነጋዴውን የሚለይ ነው። ዕቃውን የሚለየው የንግድ ምልክት ግን በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በተናጠል ይመዘገባል፤ ባለቤትነቱም የሚገኘው በዚሁ ምዝገባ ነው። ፈቃዱ ላይ «ቀረሮ ብረታ ብረት» ተብሎ ቢጻፍልዎትም፣ ያ ሰው መቁያው ላይ «ቀረሮ» ብሎ እንዳይለጥፍ ለማድረግ የሚያስፈልግዎት ሰርተፊኬት ሌላ ነው።

ስም አመራረጥዎ ጥሩ ነው፤ ምናልባት ሳያስቡት ይሆናል። ቀረሮ በእኛ አካባቢ የታወቀ የጣውላ ዛፍ ነው፤ ስለ ቡና መቁያ ግን ምንም አይናገርም። ምልክት የሚጠነክረው ከዕቃው ጋር ዝምድና በሌለው መጠን ነው። ያው ቃል ለወንበርና ለጠረጴዛ ቢጠየቅ «ከቀረሮ የተሠራ» ማለት ስለሚሆን ገላጭ ነው፤ ማንኛውም አናጢ ሊጠቀምበት የሚገባውን ቃል ለአንድ ሰው መስጠት ስለማይቻል ውድቅ ይሆናል። «ፈጣን መቁያ» የሚለው ጥራትን፣ «ጅማ መቁያ» የሚለው የመጣበትን ቦታ ብቻ ስለሚናገሩ ተመሳሳይ እንቅፋት ይገጥማቸዋል። ከዚህ ከተማ የሚመጡ አመልካቾች «ጅማ» የሚለውን ቃል ለቡናም ለማርም ለዕቃም ማስቀደም ይወዳሉ፤ ቃሉን አርማቸው ውስጥ ቢያስገቡትም ሌሎች የጅማ ነጋዴዎችን ከቃሉ ሊከለክሉ አይችሉም። የቦታ ስም ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ አገራችን ራሷ አይታዋለች። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት፣ ሐረርና ሲዳሞ የቡናውን ዓይነት የሚገልጹ ቃላት ሆነዋል በሚል መጀመሪያ ተቃውሞ ገጥሟቸው ነበር፤ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተፈረመው በ2007 ነው።

ማመልከቻው የሚገባው ለተለየ የዕቃ ክፍል ነው። በዓለም አቀፉ የኒስ አመዳደብ የቡና መቁያ በክፍል 11፣ ቡናው ራሱ በክፍል 30፣ የቤት ዕቃ በክፍል 20 ይገኛል። እርስዎ በክፍል 11 ብቻ ካስመዘገቡ፣ ነገ በዚሁ ስም የተቆላ ቡና አሽገው ለመሸጥ ሲያስቡ ክፍል 30 ላይ ሌላ ሰው ቀድሞ ሊያገኙት ይችላሉ። የተቆላ ቡና የመሸጥ ሐሳብ በእውነት ካለዎት አሁኑኑ ሁለቱንም ክፍሎች ይጠይቁ፤ ለምኞት ያህል ግን አይጠይቁ፤ ለተከታታይ 3 ዓመት በሥራ ላይ ያልዋለ ምልክት በሌላ ሰው ጥያቄ ሊሰረዝ ይችላልና። ምዝገባው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 7 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያም በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ለእድሳቱ ቁጥር ገደብ የለውም። ፓተንት ማለቅ ያለበት አሠራሩ አንድ ቀን ወደ ሕዝብ መመለስ ስላለበት ሲሆን፣ ምልክት ግን ገዢው እንዳይታለል የሚጠብቅ ስለሆነ ዕቃው እስካለ ድረስ ምልክቱን የሚያሳጥርበት ምክንያት የለም።

የቅጂ መብትን በተመለከተ የሚደረግ ነገር ትንሽ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚሁ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መመሪያው በእርስዎ ከተጻፈበት፣ አርማው በልጁ ከተሣለበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃው አለ፤ ምዝገባ አያስፈልገውም። ባለሥልጣኑ የሚሰጠው የምዝገባ ሰርተፊኬት ለክርክር ጊዜ ማስረጃ ይሆናል እንጂ መብቱን አይፈጥረውም። የኢኮኖሚ መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ለፎቶግራፍ ግን ፎቶው ከተነሣ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው።

ይህ ረጅም ዘመን ሲታይ ደንበኞች «እንግዲያውስ አሠራሩን በመጽሐፍ ጽፌ ለ50 ዓመት አስጠብቀዋለሁ» ይሉኛል። አይሆንም። የቅጂ መብት የሚጠብቀው የአገላለጹን መንገድ ማለትም ቃላቱን፣ የዓረፍተ ነገሩን አደራደር፣ ሥዕሉን እንጂ ሐሳቡን፣ ዘዴውን ወይም የአሠራር ሥርዓቱን አይደለም፤ አዋጁም ይህንን በግልጽ አስቀርቷል። መመሪያዎን ቃል በቃል ገልብጦ ያሳተመ ሰው መብትዎን ጥሷል። መመሪያዎን አንብቦ፣ ተረድቶ፣ ማሽኑን የሠራ ሰው ግን በቅጂ መብት ሕግ ምንም አላጠፋም። እንዲያውም ዝርዝር መመሪያ ማሳተም አሠራሩን ይፋ ማድረግ ስለሆነ ፓተንቱን ሊያጠፋብዎት ይችላል።

የአርማው ባለቤትነት በጽሑፍ መታሰር ይኖርበታል። ሕጉ በትዕዛዝ የተሠራን ሥራ የኢኮኖሚ መብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ለአዘዘው ሰው የሚሰጥ ቢሆንም፣ ልጁ ያለ ውል በወዳጅነት ሣለልዎት ከሆነ «አልታዘዝኩም፣ በስጦታ ነው የሣልኩት» የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። የቅጂ መብት ማስተላለፊያ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። አንድ ገጽ በቂ ነው፦ የትኛው አርማ እንደሆነ ከወረቀቱ ጋር ተያይዞ፣ የኢኮኖሚ መብቱ ሙሉ በሙሉ መተላለፉ፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ ቀንና የሁለታችሁ ፊርማ። ይህንን አርማውን በንግድ ምልክትነት ከማስገባትዎ በፊት ይጨርሱት። የሠዓሊነት ስሙ ግን ያው የእሱ ነው፤ በሽያጭ አይተላለፍም።

እንግዲህ አስመስሎ የሚሠራውን ሰው ዕቃ ገዝተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና እያንዳንዱን ነገር በየመብቱ ይዩት፤ ደረሰኙንም ይያዙ። «ቀረሮ» የሚለው ቃል ተለጥፎበት ከሆነ የሚያስቆመው የንግድ ምልክት ነው፤ ምዝገባው እስኪጠናቀቅ ድረስም ገዢን በሚያደናግር መንገድ የሌላውን ዕቃ መልክና ስም መጠቀም በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ስለሆነ በዚያ በኩል አቤት ማለት ይቻላል። አርማው ወይም መመሪያው ተገልብጦ ከሆነ የቅጂ መብትዎ ዛሬውኑ አለ፤ ምንም ሳይጠብቁ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጻፍ ይችላሉ። ሰውየው ግን ስሙን «ዝግባ» ብሎ ለውጦ፣ የራሱን አርማ አሥሎ፣ መመሪያውን በራሱ ቃል ጽፎ፣ መቆሚያውን አራት እግር አድርጎ፣ ገለባ መለያውን ብቻ እንዳለ ቢወስድ የሚያስቆመው ፓተንቱ ወይም የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬቱ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በእጅዎ የለም፤ ማመልከቻውም ገና አልገባም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የማሽኑን ሥዕል ከጎን፣ ከፊትና ተቆርጦ በሚታይ አኳኋን ያስሥሉ፤ እያንዳንዱን ክፍል ቁጥር ሰጥተው፣ ገለባው ከበርሜሉ እስከ ሳጥኑ የሚሄድበትን መንገድ ሌላ ብረት ሠራተኛ አንብቦ ሊሠራው በሚችል ዝርዝር ይጻፉ። ከዚህ ያነሰ መግለጫ በምርመራው ይመለሳል። ሥዕሉን የሚሥልልዎ ሰው ከልጁ ጋር እንዳደረጉት ያለ አንድ ገጽ ውል ይፈርም፤ ማመልከቻው እስኪገባ ድረስ ለማንም ላለማሳየትም ይስማማ። የአነስተኛ ፈጠራውን ማመልከቻ አስቀድመው፣ የንግድ ምልክቱን አስከትለው አዲስ አበባ ለባለሥልጣኑ ያስገቡ፤ ንድፉን ገንዘብ ከተረፈ ብቻ ይጨምሩ። ማመልከቻው ገብቶ ቀን የተጻፈበትን ማረጋገጫ እስኪይዙ ድረስ፣ ያሻሻሉት አዲስ ክፍል ካለ በቪዲዮ አይልቀቁ፤ ገዢ ወርክሾፑ መጥቶ «ክፈትና ውስጡን አሳየኝ» ቢልዎትም መቁያው ሲቆላ ከውጭ ያሳዩት።